ውሃ ዳገት የወጣበት ካርታ

ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ የድሮ ፋይሎች ስናጸዳ aspect5.tif የሚል ፋይል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ላጠፋው ብዬ እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። እስካሁን ሲያስቀኝም ሲያናድደኝም የኖረ ፋይል ነው።

ቢሯችን ፒያሳ ነው። ሥራው የመጣው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት በኩል ካለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ሌሊት ሞልቶ ቀን ወደ ክፍሎቹ የሚያወርድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ግቢው ላይኛው ክፍል ላይ ማስቀመጥ ፈለጉ። ፓምፕ አልፈለጉም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጣጣ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፣ ለአንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያ ያነሰም ይበቃል። የእኛ ድርሻ ከከፍታ ሞዴል ላይ ስሎፕና አስፔክት አውጥተን ቦታውን መጠቆም ነበር።

ስሎፑ፣ ማለትም መሬቱ ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሮቶው ሲሞላ 10 ቶን ውሃ ተሸክሞ ይቆማል፤ ሜዳ ይፈልጋል። አስፔክት ግን፣ ማለትም የተዳፋቱ ፊት ወዴት እንደዞረ፣ ለብዙ ሰው የካርታ ጌጥ ይመስለዋል። አይደለም። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ አንድ ሌሊት ከተበላሸ ትርፉ እስኪነጋ ይፈሳል። የሚፈሰው ደግሞ አስፔክቱ ወዳመለከተበት ነው።

ሞዴሉን በነጻ ከሚገኘው፣ 30 ሜትር ገደማ ፒክስል ካለው ኤስአርቲኤም ከሚባል የከፍታ መረጃ ወሰድኩ። መጀመሪያ ስሎፕ ሳሰላ ከተማው በሙሉ 89 ዲግሪ ሆኖ ወጣ። ግራ ቀኙ ገደል! ይሄኛው ስህተት የጀማሪ ነው፣ ቶሎ ገባኝ። ሞዴሉ ወደ ጎን የሚለካው በዲግሪ፣ ወደ ላይ በሜትር ነው። ካልነገርኩት ፕሮግራሙ ያኔ አንዱን ዲግሪ እንደ አንድ ሜትር ነበር የሚቆጥረው። 111120 የሚለውን ማባዣ ስሰጠው አዲስ አበባ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። (ይህ ማባዣ እኛ ጋ የሚያዋጣው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው። 9 ዲግሪ ላይ የምሥራቅ-ምዕራቡ ርቀት የሚዛነፈው በ1 በመቶ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ቢሆን በግማሽ ይስት ነበር።)

እዚህ ላይ አለቃዬ መጣ። አለቃችን ካርታ የሚመዝነው በዓይኑ ነው። አስፔክቱን በቀለም ከፋፍዬ ነበር፤ ሰሜን ሰማያዊ፣ ደቡብ ቀይ፣ ምሥራቅ ቢጫ፣ ምዕራብ አረንጓዴ። ከኋላዬ ቆሞ አየና፣

«ይሄ ምንድን ነው? የጆንያ ጥልፍ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ፒክስሉ ነው። 30 ሜትር ስለሆነ…»

«ደንበኛ ፊት እንዲህ አይቀርብም። ለስለስ አድርገው።»

እኔም ለስለስ አደረግኩት። አስፔክቱን ወደ ጎንም በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ስቀይር በዚያው ፒክስሉን 5 ሜትር አድርጌ ከፋፈልኩትና የጎረቤት ፒክስሎችን ቁጥር የሚያማክለውን፣ ቢሊኒየር የሚባለውን አስማሚ መረጥኩ፦

```
gdaldem aspect dem.tif aspect.tif
gdalwarp -t_srs EPSG:32637 -tr 5 5 -r bilinear aspect.tif aspect5.tif
```

ካርታው እንደ ሐር ሆነ። አለቃዬ «አየህ?» አለኝ። የመረጥኩት ቦታ ላይ አስፔክቱ 181 ዲግሪ ይላል፤ ደቡብ። በደቡብ በኩል አስፋልቱ ዳር ቦይ አለ። ትርፍ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ይገባል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል ብዬ ሪፖርቱን ጻፍኩ።

በሳምንቱ ቦታው ላይ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ተገናኘን። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ነጭ ላስቲክ ቱቦ አለ። የጂኦግራፊ ምሩቅ ብሆንም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «ኢንጂነር» ነው የሚሉኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

«ኢንጂነር፣ ትርፉ በየት በኩል ይውጣ?»

ካርታዬን ዘረጋሁና በእጄ እያሳየሁ «በደቡብ፣ ወደ አስፋልቱ» አልኳቸው።

እጄን ተከትለው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሱ እኮ ዳገት ነው።»

«ተዳፋቱ ወደዚያ ነው የሚለው ካርታው።»

«ውሃው ዳገት ይውጣ ነው የምትለኝ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። አላልኩም። «ጋሼ፣ ዓይን ያታልላል። ይሄን የለካው ሳተላይት ነው» አልኳቸው። እሱም ቢሆን ስህተት ነው፤ የለካው በየካቲት 2000 እንደ ፈረንጆቹ የበረረ መንኮራኩር ላይ የተጫነ ራዳር ነው። ግን ያኔ ይህንን ለማረም ጊዜው አልነበረም።

ሰውየው አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ቱቦውን ከትከሻቸው አወረዱና አንዱን ጫፍ ዘረጉልኝ።

«እሺ ኢንጂነር። ሳተላይቱ ካልመጣ እንግዲህ ይቺን አንተው ያዝልኝ።»

ያዝኩ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ሞሉበት። እሳቸው ወደ አስፋልቱ ሄዱ፣ እኔ ካርታው ያለው ቦታ ላይ ቆምኩ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ሲቆም ከመሬት ያለውን በሜትር ለካን። አስፋልቱ ከቆምኩበት በ2 ሜትር ከ10 ይበልጣል። ልዩነቱ በዓይንም የሚታይ ነበር።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነው። ካርታውን ገልብጬ ያዝኩት። ገጠመ! ላዩን ታች ሳደርገው ቆሜበት የነበረው ቦታ ልክ ሆነ። ስለዚህ የስልኬ ኮምፓስ ነው፣ የብረቱ አጥር አሳስቶት ነው ብዬ አሥር ደቂቃ ያህል ከአጥሩ ራቅ እያልኩ ስዞር ቆየሁ። 180 ዲግሪ የሳተ ካርታ ሲገለበጥ መግጠሙ አይቀርም። ግን የገጠመው ያቺ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች። ሌላው ግቢ ሁሉ ተሳሳተ፣ እኔ ግን ሌላውን አላየሁም።

በዚያው ቱቦ ሌላም ነገር አገኘን። ከላይ ወደ ታች ስንወርድ በድሮ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ የተያዘ፣ 5 ሜትር የሚሰፋ እርከን አለ። አራቱን ጥግ ለካን። ልዩነቱ 18 ሳንቲ ብቻ ነው። በሞዴሉ ስሎፕ ቢሆን እዚያ 5 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ20 መውረድ ነበረበት። ሞዴሉ ዋሽቶ አይደለም። ስሎፕ ሲሰላ አንዱ ፒክስል ከስምንት ጎረቤቶቹ ጋር ነው የሚታየው፤ በየአቅጣጫው 90 ሜትር ማለት ነው። 5 ሜትር እርከን እዚያ ውስጥ የት ይታያል?

ጋሼ ሮቶው ከግንቡ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ አሉ፤ ቧንቧው ያጥራል። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። የእርከን ውጪኛው ግማሽ ደልድለው የሞሉት አፈር ነው፣ 10 ቶን ከግንቡ ጀርባ ሲጫን ግንቡን ነው የሚገፋው። ወደ ውስጥ፣ ተቆርጦ ወደተገኘው ነባር መሬት እናስጠጋው አልኩ። አሰቡና «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። የዚያን ቀን ያስመዘገብኳት ብቸኛ ነጥብ ይቺ ናት።

ማታ ቢሮ ተመልሼ ፒክስሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። መጀመሪያ የመረጥኩት ቦታ ያረፈበት ፒክስልና ጎረቤቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ላዩ ሰሜን ነው፣ ቁጥሩ ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር፦

```
2418  2419  2420
2425  2426  2426
2433  2433  2434
```

ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ደቡቡ ከፍ ይላል፣ ሰሜኑ ይወርዳል። በቀመሩ የጎን ጎረቤቶች ሁለቴ፣ የጥጎቹ አንዴ ይቆጠራሉ። የደቡቡ ረድፍ ከሰሜኑ በ57 ይበልጣል፣ የምሥራቁ ከምዕራቡ በ5። ሁለቱንም ለ240 ስታካፍል (8 ጊዜ 30 ሜትር) ስሎፑ 24 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 13 ዲግሪ ይመጣል። ፊቱ ወደ ሰሜን፣ በ5 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው፤ 355።

የቀጣዩ ፒክስል አስፔክት ደግሞ 8 ነበር። እሱም ሰሜን ነው። ሁለት ሰሜኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አስማሚው ግን ክብ መሆኑን አያውቅም። 355 እና 8ን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፤ 181 ተኩል። ከ355 ወደ 8 ሲወርድ ምዕራቡን፣ ደቡቡን፣ ምሥራቁን ሁሉ ያቋርጣል። በሁለቱ ፒክስሎች መሃል ባለው 30 ሜትር ውስጥ ደቡብ የሚባለው 8 ሜትር አይሞላም። የእኔ ቦታ እዚያ 8 ሜትር ውስጥ ነበር። ለስላሳው ካርታ ላይ በሰማያዊው መሃል አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ትታያለች። ለሁለት ቀን ሳያት ነበር፣ ምን እንደሆነች አልጠየቅኩም።

ስሎፕ እንዲህ አይበላሽም፤ 12 እና 14 ሲቀላቀሉ 13 ይሆናሉ፣ ደህና ነው። አስፔክት ግን መጀመሪያ ሞዴሉን ራሱን ቀይሮ፣ ከዚያ ማስላት ነው፦

```
gdalwarp -t_srs EPSG:32637 -tr 30 30 -r bilinear dem.tif dem_utm.tif
gdaldem aspect dem_utm.tif aspect_utm.tif
```

በግድ ማለስለስ ካለበት ሳይንና ኮሳይኑን ለየብቻ አለስልሶ መልሶ ወደ አንግል መለወጥ ነው። በማግስቱ እንደዚህ አስተካክዬ አወጣሁት። ሮቶው ግን እርከኑ ላይ ሄዷል፤ የመረጠው ቱቦው ነው። ትርፉም ክፍሎቹ ላይ እንዳይወርድ በጎን በኩል በቧንቧ ዞሮ ወጣ።

አዲሱን ካርታ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። አየው። «እንደገና ጆንያ አደረግከው» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ፣ ስልኩ ጠራ።

የድርጅታችን ፕሮፋይል ሽፋን ላይ ዛሬም ያለው ለስላሳው ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ «ይቺ ቀይ መስመር ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። አጠገባቸው ነበርኩ። አለቃዬ እንኳን ሊያመነታ ትንፋሽም አልወሰደ።

«መንገድ ናት» አለው።