የተደጋገመ ሁሉ ትርፍ አይደለም

ዛሬ በሦስት ፎቶ ተከፋፍሎ የተነሳ አንድ ረጅም የክፍያ ሰንጠረዥ ኤክሴል ላይ ገጣጠምኩ። ፎቶዎቹ ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል፤ ተራ ቁጥር ግን የለውም። ተመሳሳይ ረድፎችን አንድ ብቻ አስቀርቶ በሚያጠፋው Remove Duplicates መገላገል ያጓጓል። ግን አይሆንም! መሃል ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ረድፎች አሉ፦ ቀኑም፣ ስሙም፣ 450ውም ያው ነው። ሁለቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ ስለሚታዩ የየራሳቸው ክፍያ ናቸው።

ትርፉ ያለው መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ የመጨረሻ 4 ረድፎች ሁለተኛው አናት ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ተደግመዋል። አንዱን ቅጂ አወጣሁት። ጠርዝ ላይ ግማሹ የተቆረጠውን ረድፍ ደግሞ ሙሉ ከሚታይበት ፎቶ ወሰድኩ። ሦስተኛውንም እንዲሁ።

ከዚያ ደመርኩት፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ ካለው ድምር ጋር ልክ ገጠመ። 450 ቢጎድል ኖሮ ያቺ ረድፍ ጠፍታለች ማለት ነበር።