የተዘፈዘፈውን መዝኜ የደረቁን ስቆጥር

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት ጂም ውስጥ የማነሳው ብረት ከበደኝ። በፊት አስር ጊዜ የማነሳውን ስድስት ላይ አስቀምጠው ጀመር። ጥፋቱ የፕሮቲን ብቻ ነው አልልም፤ የሌሊት ፈረቃ ስለነበረኝ እንቅልፍም አልነበረም። ግን በፕሮቲን በኩል ምንም ስጋት አልነበረኝም። ስልኬ ላይ በየቀኑ እመዘግባለሁ። ቁጥሩ ከመቶ ግራም በላይ ነበር። እንዲያውም በዛ ብዬ እስቅ ነበር።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጾሙ ሲገባ ከሕንድ ሱቅ 200 ግራም የሚይዝ አንድ ከረጢት የሶያ ሥጋ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የተሠራ የሥጋ ምትክ፣ ገዛሁ። ድቡልቡል፣ ቀላል፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ በ100 ግራም 52 ግራም ፕሮቲን ይላል። የበሬ ሥጋ እንኳ እዚህ አይደርስም። በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ጨምቄ፣ ለምሳ 150 ግራም እመዝናለሁ። ከዚያ ስልኬ ላይ «የሶያ ሥጋ 150 ግራም» ብዬ አስገባለሁ። ስልኩም 78 ግራም ፕሮቲን ይለኛል። ደስ ብሎኝ እበላለሁ።

የነቃሁት ከረጢቱ ሲያልቅ ነው። አራት ምሳ በልቼበታለሁ። አራት ጊዜ 78 ሲደመር 312 ግራም ፕሮቲን ነው። ከረጢቱ ግን ራሱ 200 ግራም ነበር! ከ200 ግራም ዕቃ 312 ግራም ፕሮቲን እንዴት ይወጣል? ከአንድ ኪሎ ሽሮ አንድ ኪሎ ተኩል ቅመም ብቻውን አወጣሁ እንደማለት ነው። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከረጢቱ በሙሉ ያለው ፕሮቲን 104 ግራም ነው። ለአራት ሲካፈል 26። በየቀኑ 78 እያልኩ የመዘገብኩት በእውነት 26 ነበር።

ስህተቱ የገባችሁ ይመስለኛል። 52 የሚለው ቁጥር የደረቁ ነው። እኔ የመዘንኩት ግን ውሃ የጠጣውን ነው። ሽሮ ዱቄትና የተሠራ ሽሮ ወጥ እንደማለት ነው፤ ዱቄቱን መቶ ግራም መብላትና ወጡን መቶ ግራም መብላት አንድ አይደለም። ሽሮ ላይ ማንም አይሳሳትም። ሶያው ግን ተዘፍዝፎም ቁርጥራጭ ስለሚመስል ያሞኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በወጥ ቤት ሚዛን አጣራሁት። 50 ግራም ደረቅ ሶያ ለሦስት ጊዜ አዘጋጀሁ። 50 ግራሙ ውስጥ 26 ግራም ፕሮቲን አለ። ሁሉንም ጨው ባለው የፈላ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ቀቀልኩ። የመጀመሪያውን በወንፊት ብቻ አጠለልኩት፤ 190 ግራም ሆነ። ሁለተኛውን በእጄ ለስለስ አድርጌ ጨመቅኩት፤ 150 ግራም ወጣ። ሦስተኛውን እንደ ጨርቅ አጣምሜ ጨመቅኩት፤ 125 ግራም።

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በ100 ግራም ስናሰላው የመጀመሪያው 14 ገደማ፣ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 21 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ፕሮቲኑ ግን በሦስቱም ሳህን ያው 26 ነው። የተለያየው በእጄ የጨመቅኩት ውሃ ነው። ወደ መዘፍዘፊያው ውሃ ጥቂት ፕሮቲን ይወጣል፤ ግን ትንሽ ስለሆነ በምግብ ሒሳብ ላይ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ «የተዘፈዘፈ ሶያ በመቶ ግራም ስንት ፕሮቲን አለው?» ለሚል ሰው አንድ ቁጥር የለም። እንደ እጁ ጉልበት ነው። ጨርሶ ከመሳሳት ግን የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው፦ ውሃ ሳይነካው በደረቁ መመዘን። ለድስቱ 120 ግራም ከገባ 62 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ለሦስት ሰው ከተካፈለ ለአንዱ 20 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሰዋል። በቃ፣ ሌላ ሒሳብ የለም።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ሌሎቹን የአኩሪ አተር ምግቦች፣ ቶፉንና ቴምፔን፣ በአዲስ ዓይን አየሁ። ሁለቱንም «ፕሮቲናቸው የሶያ ሥጋን ግማሽ እንኳ አይሆንም» ብዬ ንቄያቸው ነበርና። ሳህን ላይ ግን ጎረቤታሞች ናቸው።

ቶፉ አይብ አወጣጥ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይደለም። አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ይጠለላል፣ ወተቱ ይፈላል። ከዚያ ካልሲየም ሰልፌት ወይም የማግኒዥየም ጨው ይገባበትና ይረጋል። የረጋው ተጭኖ ውሃው ይወጣል። ምን ያህል እንደተጫነ ነው ፕሮቲኑን የሚወስነው። እኔ የምገዛው ጠንካራው 397 ግራም ነው። ማሸጊያው በ85 ግራም 9 ግራም ፕሮቲን ይላል፤ ሙሉው ጥቅል 42 ገደማ ማለት ነው። በ100 ግራም ሲሆን አስራ አንድ ያህል። ይበልጥ የተጫነ ከሆነ 17 ድረስ የሚደርስ አለ። ለስላሳው፣ ለሾርባ የሚሆነው፣ ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ «ቶፉ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ማሸጊያውን ማንበብ ግድ ነው።

ቶፉ ላይ የሶያ ሥጋው ታሪክ ተገልብጦ ይመጣል። ጥቅሉን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ከባድ ድስት ጭኜ ግማሽ ሰዓት ስተወው 320 ግራም ሆነ። አሁን በ100 ግራም 13 ሆኗል። አንድም ፕሮቲን አልተጨመረም፤ ውሃ ነው የሄደው። መጫኑ የሚጠቅመው ለጥብስ ነው። ውሃ ያለው ቶፉ መጥበሻ ላይ ይንጫጫል እንጂ አይጠበስም። ከተጫነ በኋላ በቁርጥራጭ ከትፌ፣ በዘይት ዳር ዳሩ ቡናማ እስኪሆን ትቼው፣ ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ጨምሬ ነው የምሠራው። ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ያፈራርሰዋል። እኔም መጀመሪያ እንቁላል ፍርፍር የመሰለ ነገር ነው የሠራሁት።

ቴምፔ ደግሞ የኢንዶኔዥያ፣ በተለይም የጃቫ ሰዎች ምግብ ነው። አኩሪ አተሩ ልጣጩ ወጥቶ ይቀቀላል። ከዚያ ሪዞፐስ የሚባል የሻጋታ ዓይነት ይዘራበትና በ30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ነጩ ክር ፍሬዎቹን አያይዞ እንደ ድፎ ዳቦ ጠንካራ ያደርጋቸዋል። ፍሬውን እንዳለ የምትበሉት ያህል ነው፤ ምንም አልተጠለለም። ለዚህ ነው በ100 ግራም 19፣ 20 ግራም ፕሮቲን ያለው፣ ፋይበሩም ብዙው ያልጠፋው። አንድ ጥቅል 227 ግራም ስለሆነ 43 ገደማ ነው። ከሩዝ ወይም ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ግን ያንሳል።

እናቴ በቪዲዮ ስናወራ ቴምፔውን አየችው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሻግቷል!»
«እማዬ፣ እንዲሻግት ተብሎ ነው።»
«እዚያ ሄዳችሁ የማትበሉት የለም!» አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ፍርሃቷ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ነጭ መሆኑ ጤና ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብም ሻጋታው ዘር ማፍራት እንደጀመረ ያሳያል እንጂ አይጎዳም። ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካለ፣ ሲነኩት ሙልጭልጭ ካለ፣ ወይም የአሞኒያ ሽታ አፍንጫ ከመታ ግን ይጣል። እኔ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከፍቼ ረስቼው ይሄ ሽታ ገጥሞኝ ሙሉውን ጥያለሁ። ጥሩው የእንጉዳይ ሽታ አለው።

ጥሬውን በቀጥታ ጠብሼ ስበላ ደግሞ መረረኝ። ቀጫጭን ቆርጬ አስር ደቂቃ በእንፋሎት ካበሰልኩት በኋላ ምሬቱ ቀነሰ፣ አዋዜም ገባው። አሁን አዋዜ ለብሶ አንድ ሰዓት ይቆይና በትንሽ ዘይት ይጠበሳል። ከሦስቱ ለእኔ ጣዕም እሱ ይበልጣል። ክርክር አልወድም፣ ግን ይበልጣል።

ታዲያ የሶያ ሥጋው ምን ይበልጣል? ዘይቱ የወጣለት የሶያ ዱቄት ነው። ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀትና በግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ፣ ከቀዳዳው እንደወጣ ውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና ያሳብጠዋል። ስፖንጅ የመሰለው ለዚህ ነው። ዘይት ስለሌለው ለካሎሪው የሚሰጠው ፕሮቲን ከሁለቱ ይበልጣል፤ ቴምፔ በ100 ግራም 11 ግራም ገደማ ስብ አለው፣ የደረቀው ሶያ አንድ ግራም ያህል ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ይህ ጥቅም ግን ድስት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስፖንጅ ውሃ ብቻ አይጠጣም። የጾም ወጥ እንደምናውቀው ዘይቱ ሲንሳፈፍ ነው ጎበዝ የሚያስብለን። እኔ አንድ ጊዜ ደረቁን በቀጥታ ቁሌቱ ውስጥ ጨመርኩት። መረቁንም ዘይቱንም ጠጣና በርበሬው ድስቱ ላይ ተጋገረ። ውስጡ ግን አሁንም ጠንካራ ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ደረቁን መዝኜ ጨው ባለው የፈላ ውሃ አስር ደቂቃ እቀቅላለሁ። ያንን ውሃ እደፋለሁ። ጥሬ የሶያ ሽታውም፣ ሆድ የሚነፋው ስኳርም ከፊሉ ከእሱ ጋር ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ አጥብቄ እጨምቃለሁ፤ ውሃው ካልወጣ መረቁ አይገባም። ትልልቁን ለሁለት እከፍላለሁ። ቁሌቱ በርበሬውን ይዞ ከበሰለ በኋላ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሬ አስገባውና አስራ አምስት ደቂቃ በቀስታ ይንተከተካል። ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ።

ለሚጾም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ተራው የሶያ ሥጋ፣ ቶፉና ቴምፔ የጾም ናቸው። ተዘጋጅተው በማቀዝቀዣ የሚሸጡት የሶያ በርገርና ቋሊማ መሰል ነገሮች ግን አንዳንዶቹ የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ፕሮቲን አለባቸው። እኔ አንዱን በሰሙነ ሕማማት ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው ጀርባውን ያነበብኩት።

ስልኬ ላይ ያለውን መዝገብም አስተካከልኩ። ስሙን «ሶያ ደረቅ» ብዬ ቀየርኩት። ምሳ ላይ ከ50 ግራም ደረቅ 26፣ ማታ ከግማሽ ጥቅል ቶፉ 21 ወይም ከግማሽ ቴምፔ 21 ገደማ አገኛለሁ። የቀረውን ምስር፣ ሽሮና እንጀራው ይሞላሉ። ቁጥሩ እንደ ድሮው አያስቅም። ከረጢቱም አሁንም በአራት ቀን ያልቃል፤ ሒሳቡ ግን ከከረጢቱ አይበልጥም።