ቡና ሲቀላ ያልተበተነው 12ኛ ክፍል

እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ! ጋውን ለብሳችሁ ስትገቡ እንዲያ የሳቅኩት ለፎቶ ብዬ አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው ገና ከፊታችሁ ነው። እኔ ግን ከአሁኑ የምኮራበት ነገር አለኝ፦ በቡና ለቀማ ወቅት ክፍላችሁ አልተበተነም። ጅማ ያስተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ አካባቢ ለቀማው የሚደራው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ያኔ የኋላ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። በየዓመቱ የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ ማስጠንቀቂያ፣ ወላጅ ጥሪ፣ ከዚያም ቁጣ። ዘንድሮ መጀመሪያ አቴንዳንሱን ከክፍል ኃላፊ መምህራኑ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ከከተማው ወጣ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆች ሁለት ሦስት ቀን ይቀራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከሳምንት በላይ ቆይተው እንደገና ይቀራሉ። ይሄ ፎርፌ አይደለም። ፎርፌ እንዲህ ዙር ጠብቆ አይመጣም።

ምክንያቱን አንድ አባት ቢሮዬ መጥተው አስረዱኝ። «ሃጂ፣ ልጅቷ የግድ የምታስፈልግዎት የትኛው ቀን ነው?» አልኳቸው። «ቡና ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሲቀላ መልቀም ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይቀላም። የቀላው ተለቅሞ አረንጓዴው ይቆያል፣ ከዚያ ሌላ ዙር ይመጣል። እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚሸጥ ደግሞ በለቀመበት ቀን ማድረስ አለበት። እንግዲህ ልጆቹ መቅረታቸው ካልቀረ፣ የእኛ ሥራ ሲመለሱ ትምህርቱ እንዳያመልጣቸው ማድረግ ነበር።

ከሁሉ የጠቀመን የምዕራፍ ቅደም ተከተል መቀየራችን ነው። ሒሳብን ውሰዱ። ካልኩለስ ሰንሰለት ነው፤ ሊሚት ያመለጠው ልጅ ዴሪቬቲቩ አይገባውም፣ ኢንተግራሉ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል። ስታቲስቲክስ ግን ካልኩለስን አይጠብቅም። ስለዚህ የሒሳብ መምህራችን ስታቲስቲክስን ወደ ለቀማው ወቅት አመጣውና ካልኩለስን ወንበሮቹ እስኪሞሉ አቆየው። በሌሎቹ ትምህርቶችም የሚቻለውን ያህል አደረግን። ፊዚክስ ላይ ብዙ አልተሳካልንም፤ ምዕራፎቹ የተሳሰሩ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ጥንድ ነው። ለቀሪ ልጅ ሁሉ ከሰፈሩ ወይም ከመንገዱ ጓደኛ መደብን። መምህራኑ የሳምንቱን ትምህርት በአንድ ገጽ ያዘጋጃሉ። ልጁ ሲመለስ ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ከጓደኛው ጋር ይቀመጣል።

መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ከሸፈ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ገጹን ገልብጠው ደብተር ይሞላሉ፣ አለቀ። ደብተር ሲታይ ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። መገልበጡን ያወቅነው መምህሩ ጥያቄውን ነካ ሲያደርገው ነው። አንዷን ተመራቂያችንን ላንሳ (ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች)። ከለቀማ ስትመለስ መምህሩ በአምስት ቀን የለቀመችውን በኪሎ አስጻፋት፦ 18፣ 25፣ 31፣ 22፣ 14። ድምሩ 110፣ አማካዩ 22። ይሄን ወዲያው ሠራች። ከዚያ «31 የነበረው 41 ቢሆንስ?» አላት። እንደገና ከመጀመሪያው መደመር ጀመረች። ጓደኛዋ ያዝ አደረገቻትና «የጨመረው 10 ኪሎ ለአምስት ቀን ሲካፈል እኮ 2 ነው፤ 24 ይሆናል» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጥንዶቹ ገጹን መገልበጥ ትተው ቁጥር እየቀየሩ መጠያየቅ ጀመሩ። ይሄን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ያልሠራበትም አለ። ለቀን ሥራ ራቅ ብለው ሄደው ለሳምንታት የጠፉትን ልጆች አንድ ገጽ አይመልሳቸውም። እነሱን ቤተሰብ ድረስ ሄዶ ማነጋገር ነበረብን፤ ሁሉም አልተመለሱም። ዛሬ ከእናንተ ጋር አለመሰለፋቸው ያመኛል።

የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዝለሉት የሚባል ምዕራፍ የለም ስል የሰለቸኋችሁ ለዚህ ነው። አሁንም በቀራችሁ ጊዜ ጥንዳችሁን አትበትኑ። ዶርም ገብታችሁም ማታ ማታ ቁጥር እየቀየራችሁ ተጠያየቁ።

ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። የየሳምንቱን ገጾች ከማንም በላይ አሟልታችሁ የያዛችሁ እናንተ ናችሁ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቡ፣ 11ኛዎቹ ከአሁኑ እየጠየቁ ነው። ጋውኑንም እስከ ሰኞ መልሱ፤ የኪራይ ነው፣ ተያዡ እኔ ነኝ!