ብር ያልተጻፈበት ደብተር

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት እሠራለሁ። ስለ ገንዘብ ነፃነት በተነሣ ቁጥር ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ሚሊዮን ቢኖር ይበቃል?» ብለው ነው። እኔና ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ሆን ብለን ለመጨረሻ አቆየነው። በብር የተነገረ ግብ በአገራችን ዕድሜው አጭር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት «አምስት ሚሊዮን ይበቃኛል» ብሎ የወሰነ ሰው ቁጥሩ አልተነካበትም፤ የሚገዛው ነገር ግን ሌላ ሆኗል።

ሳይሠሩ ለመኖር የሚበቃውን ገንዘብ ለማወቅ «የዓመት ወጪህን በ25 አባዛው» የሚለውን ስሌትም አውቀዋለሁ። መነሻው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ጥናት ነው። ጥናቱ የአገሩን የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ወስዶ፣ ጡረተኛ በየዓመቱ ምን ያህል ቢያወጣ ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያቆየው ይመረምራል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያኖረው ባንክ ነው፤ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ25 የማባዛቱ ነገር ለእኛ ቤት መሠረት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝተን ሦስት ዓምድ አሰመርንበት፤ ምን፣ ምን ያህል፣ ለማን። የዋጋ ዓምድ የለውም። ይህ የባለቤቴ ሐሳብ ነው፤ «ዋጋውን አጠገቡ ካየነው የሚያስፈልገንን ሳይሆን የምንችለውን ነው የምንጽፈው» አለችኝ። በሙያዬም ያየሁት ነገር ነው፤ በጀት አዘጋጅ የሆነ ሰው የገንዘቡን ጣሪያ አስቀድሞ ካወቀ፣ ፍላጎቱ ሁልጊዜ ልክ ጣሪያው ድረስ ይደርሳል።

የወጥ ቤቱ ክፍል ቀላል ነበር። ለአምስት ሰው በዓመት አራት ኩንታል ጤፍ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ የወር መብራትና ውኃ፣ የልጆች ደብተርና ጫማ፣ የታክሲ። ያስቸገረን በየወሩ የማይመጣው ወጪ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነን ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞርን ዓይናችን ያረፈበትን ሁሉ መጻፍና አጠገቡ የሚቆይበትን ዘመን ማስፈር ነው። ማቀዝቀዣው አሥር ዓመት ቢቆይ፣ በየዓመቱ የማቀዝቀዣ አንድ አሥረኛ እንበላለን ማለት ነው። ፍራሽ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ የኔ መነጽር፣ የልጄ ጥርስ ሁሉ በዚህ መንገድ ገቡ። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ በደብተሩ መሠረት ብቻ ኖርን። የጎደለው ወዲያው ታየ፤ የሞባይል ካርድ፣ ለቅሶ ቤት ሲኬድ የሚያዘው፣ የወለደች ጎረቤት ስትጠየቅ የሚወሰደው። አንድ ዝርዝር እውነተኛ መሆኑን ማወቅ የሚቻለው በእርሱ ሲኖሩበት ነው፤ ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ የተጻፈ ዝርዝር ማኅበራዊ ኑሮን ሁልጊዜ ይዘለዋል።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን በፍላጎትና በይሉኝታ መካከል ያለውን ድንበር ማስመር ነው። አንድ ጥያቄ አበጀን፤ «ማንም ሳያይ ይህን እናደርገው ነበር?» በዚህ ጥያቄ የወደቁት ነገሮች ትልልቅ ነበሩ። መኪና ወደቀ፤ ሁለታችንም የምንሠራው በአንድ ታክሲ መስመር ላይ ነው። ለልደትና ለክርስትና የሚደገሰው ትልቅ ድግስም ወደቀ፤ በቤት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ በሚሆን ተተካ። ቅርጫው ግን አከራከረን። እኔ በፋሲካና በመስቀል ከሰፈር ሰው ጋር በሬ ከመካፈል ይልቅ እንደሚያስፈልገን መጠን ከሥጋ ቤት ብንገዛ ይረክሳል ባይ ነበርኩ። ባለቤቴ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ለማን የሚለውን ዓምድ አንብበው» አለችኝ። ቅርጫውን የሚያስተባብሩት አዛውንት ጎረቤታችን እኔ ከከተማ ስወጣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉ ናቸው፤ መደቡን አከፋፍለው ዕጣ ሲያወጡ የሰፈሩ ወሬና ችግር ሁሉ እዚያው ይነገራል፣ እዚያው መላ ይፈለግለታል። ማንም ሳያይ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ይሉኝታ አይደለም። ጥያቄያችን ሁሉን እንደማይለይ ያየሁት በዚህ ነው፤ ከሰው ጋር የሚያኖረውንና ለሰው ዓይን የሚደረገውን ለመለየት አንድ በአንድ መነጋገር ግድ ይላል። ቅርጫው «ለሰፈራችን» ተብሎ ተጻፈ።

ለማን የሚለው ዓምድ ሌላም ነገር አስተማረን። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ይህ ከእኛ ጤፍ እኩል በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፈረ። እናቱን ሳይጨምር «ነፃ ወጥቻለሁ» የሚል ሰው ስሌቱ በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ይፈርሳል። ለወንድሜ ሥራ መጀመሪያ የሚሆነው ገንዘብ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ስለሆነ ከዓመታዊው ዝርዝር ውጭ አደረግነው። ድንገት ለሚመጣ የዘመድ ጥያቄ ደግሞ በዓመት ለአንድ ሰው የአንድ ወር አስቤዛ የሚሆን ለብቻው መደብን፤ እርሱ ሲያልቅ «ዘንድሮ አልቋል» ለማለት አንቸገርም። በተቃራኒው እድር ዝርዝሩን አቅልሎልናል። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የሐዘን ቤቱን ምግብ እድሩ ስለሚሸፍን ለዚያ የሚሆን ክምችት አያስፈልገንም፤ ያለብን ወርኃዊ መዋጮውን መክፈልና በቀብር ላይ መገኘት ብቻ ነው። ከውጭ አገር በተቀዳ የቁጠባ ዕቅድ ውስጥ እድርን የሚተካ መስመር አላየሁም፤ እድርተኛ የሆነ ሰው ግን ሊቆጥረው ይገባል።

የቤቱን ነገር አጭር አድርገን ጨረስነው። ኮንዶሚኒየማችን ዕዳው ገና አላለቀም፤ ሁለት መኝታ ነው፤ ይበቃናል። ሦስተኛ መኝታ የሚለው ሐሳብ በይሉኝታ ጥያቄ አላለፈም።

«የሚበቃን ምንድን ነው?» የሚለው በዚህ መልክ ከያዘ በኋላ «ነፃነት ለእኛ ምን ይመስላል?» ወደሚለው አለፍን። እኔ እንደ ብዙ ሰው ሥራ ማቆም እንደሆነ አስብ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሥራዋን ትወደዋለች፣ ልታቆም አትፈልግም። እኔም ሥራውን አልጠላም። ታዲያ በየትኛው ቀን ነው የምጨነቀው ብዬ የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ፊቴ ዘርግቼ ወር በወር ሄድኩበት። መልሱ ክረምት ላይ አፈጠጠ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ ትልልቅ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ማስታወቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ ሌሊት የሌለው ወራት ነው። ልጆቼ ትምህርት የሚዘጋላቸውም፣ እናቴ ዘንድ የሚሄዱትም በእነዚሁ ወራት ነው። በያመቱ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፤ እኔ በስልክ እሰማቸዋለሁ። የምፈልገው ነፃነት ይኸው ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከልጆቼና ከእናቴ ጋር መሆን።

ይህ ፍቺ የግቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ለወጠው። ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍን ሀብት ማከማቸት አያስፈልገኝም። ነገር ግን ድርጅት ለሂሳብ ሠራተኛው በሐምሌ ፈቃድ በቀላሉ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቅጥሩን ትቼ ለአነስተኛ ድርጅቶች ወርኃዊ መዝገብ በመያዝና የተጨማሪ እሴት ታክስ በማስታወቅ ዘጠኝ ወር መሥራት ይኖርብኛል። ለዓመት መዝጊያው ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ክፍያው ያንሳል። ከዚህ ቅናሽ ጋር ስናሰላው፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ኑሮ አሥራ ሁለት ወር ብለን፣ የባለቤቴ ደመወዝ አራቱን ወር፣ የእኔ የዘጠኝ ወር ሥራ አምስቱን ይሸፍናል። የሚጎድለው ሦስት ወር ነው። ግባችን ይህ ሆነ፤ በያመቱ የደብተሩን ሦስት ወር የሚሸፍንና ከዋጋ ጋር አብሮ የሚነሣ ገቢ። ከሥራዬ ስለቅ አሠሪዬ ለጡረታ የሚከፍልልኝ 11 በመቶ እንደሚቀርም ጻፍነው፤ ያንን መተካት ለብቻው መስመር አለው።

ብር የተባለው ነገር ወደ ደብተሩ የገባው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም ሁለታችን ገበያ ወጥተን እያንዳንዱን መስመር በዕለቱ ዋጋ ተመንነው። ዝርዝሩ ቋሚ ነው፤ ዋጋው በየመስከረሙ እንደገና ይጻፋል። ጤፍ ሲወደድ ግባችን አልተለወጠም፤ አጠገቡ ያለው ብር ብቻ ተለወጠ። የምንገነባውን ለመምረጥም ጠቀመን። በባንክ የሚቀመጠው ለድንገተኛ የሚሆን የጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ቀሪው እናቴ ግቢ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ወደሚሠሩ ሁለት የኪራይ ክፍሎች ይሄዳል። ኪራይም ገደብ አለው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ያዝዛል፣ ጭማሪውንም አከራዩ እንደፈለገ አይወስነውም። ስለዚህ ክፍሎቹ ከሦስቱ ወራት ሁለቱን ብቻ ይሸፍናሉ ብለን ይዘናል።

አንድ መስመር ሳይዘጋ ቀርቷል፤ የልጃችን የግል ትምህርት ቤት። እኔ ይሉኝታ አለበት እላለሁ፤ ባለቤቴ የለበትም ትላለች። ስምንተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ «ለልጃችን» ተብሎ በእርሳስ ተጽፎ ይቆይ ብለን ተስማምተናል፤ ያኔ እርሷም በውይይቱ ትቀመጣለች።