ክቡ ቁልፍ አልሞተም ነበር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምንጫወትበት የፕሌይስቴሽን ቤት መብራት ሲጠፋ በሩን ይዘጋል። ክረምት ሲገባ ይህ ስለሚደጋገም፣ የቤቱ ባለቤት አንድ አሮጌ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ሊሸጥ መሆኑን ስሰማ ሳላመነታ ገዛሁት። ሐሳቤ ከስልኬ ጋር በብሉቱዝ አገናኝቼ PPSSPP በተባለው መተግበሪያ እግር ኳስ መጫወት ነበር። መተግበሪያው ስልክን እንደ ድሮው የፒኤስፒ መጫወቻ የሚያሠራ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስልኩና ጆይስቲኩ ባትሪ እስካላቸው ድረስ ጨዋታው አይቋረጥም።

ማገናኘቱ ብቻውን አንድ ምሽት ፈጀብኝ። ብሉቱዝ ከፍቼ መሐል ላይ ያለውን የPS ቁልፍ ስጫን ነጭ መብራት ቀስ እያለ ብልጭ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ በስልኬ ዝርዝር ውስጥ ግን ምንም አይመጣም። ይህ ጆይስቲክ የሚያስታውሰው መጨረሻ የተጣመረውን አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። PS ብቻውን ሲጫን የሚጠራው ያንን የቀድሞ ባለቤቱን ነው፤ የእኔው እዚያ ጨዋታ ቤት ያለውን ማጫወቻ ሲጠራ ነበር ያመሸው። ለአዲስ መሣሪያ ራሱን እንዲያሳይ SHARE እና PS አንድ ላይ ተጭነው፣ መብራቱ ፈጠን ብሎ ሁለት ሁለት ጊዜ ብልጭ ማለት እስኪጀምር ድረስ መያዝ አለባቸው። እንዲህ ሳደርግ Wireless Controller የሚል ስም ስልኬ ላይ ወጣ፤ ነካሁት፤ ተገናኘ። እንቢ ካለ በጀርባው፣ በL2 በኩል ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በመርፌ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ እንደገና መሞከር ይቻላል።

እውነተኛው ችግር የጀመረው ጨዋታው ሲከፈት ነው። በእኔ ጨዋታ ኤክስ አጭር ቅብብል፣ ካሬ ምት፣ ሦስት ማዕዘን የመሐል ለመሐል ኳስ፣ ክብ ደግሞ ረጅም ኳስ ነው። ኤክስን ስጫን ረጅም ኳስ ተላከ። ካሬን ስጫን አጭር ቅብብል ሆነ። ሦስት ማዕዘን ወደ ጎል መታ። ክቡ ጭራሽ አልሠራም። ይባስ ብሎ የቀኙን ዱላ ጠበቅ አድርጌ ስጫን ጨዋታው ቆመ።

እኔም ጆይስቲኩ ተበላሽቷል፣ በተለይ ክቡ ቁልፍ ሞቷል ብዬ ደመደምሁ። ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰድሁት። ፈታው፣ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ላስቲክና የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበትን ስስ ፕላስቲክ በአልኮል ጠረገ፣ መልሶ ገጠመው። አንዳች ለውጥ አልነበረም። «ወንድሜ፣ እቃው ንጹሕ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልግ» ብሎ ገንዘቤን ሳይቀበል ሸኘኝ። ያ ቃሉ ነው መንገድ ያሳየኝ።

ቤት ገብቼ የጆይስቲክ መፈተሻ መተግበሪያ ጫንሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቁልፍ ሲጫን አንድሮይድ ምን ብሎ እንደተቀበለው ስሙንና ቁጥሩን ያሳያል። ወረቀት አውጥቼ አንድ በአንድ መዘገብሁ። ካሬ 96 አለ፤ ይህ በአንድሮይድ የA ቁጥር ነው። ኤክስ 97፣ ማለትም B ሆነ። የሞተው ክብ 98 አሳየ። እጄ ላይ ያለው ቁልፍ በሕይወት አለ! 98 ግን C የሚባል ቁልፍ ነው፤ PPSSPP ደግሞ Aን እንደ ኤክስ፣ Bን እንደ ክብ፣ Xን እንደ ካሬ ሲወስድ ለC የመደበው ቁልፍ ስለሌለ ጨዋታው የሚያደርግበት ነገር አልነበረውም። ሦስት ማዕዘን 99፣ ማለትም X፤ L1 ደግሞ 100፣ ማለትም Y ሆኖ መጣ።

ዝርዝሩን ሳየው ሁሉም ነገር በሥርዓት የተንሸራተተ መሆኑ ገባኝ። ጆይስቲኩ ቁልፎቹን የሚልከው በራሱ ተራ ነው፤ ካሬ፣ ኤክስ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ L1፣ R1 እያለ ይቀጥላል። ስልኩ ይህን ጆይስቲክ ለይቶ ካላወቀው ለማንኛውም ጆይስቲክ በሚጠቀምበት አጠቃላይ ተራ ይቀበለዋል፤ ያ ተራ ደግሞ A፣ B፣ C፣ X፣ Y፣ Z ነው። ሁለቱን ተራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የገጠመኝ ችግር ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቀኙ ዱላ ጨዋታውን ያቆመውም በዚሁ ተራ START ላይ ስለወደቀ ነው።

አንድሮይድ ጆይስቲክን የሚለየው በአምራቹና በምርቱ ቁጥር ሲሆን፣ ለሚያውቀው ቁጥር የተዘጋጀ የቁልፍ ዝርዝር ፋይል በስልኩ ሥርዓት ውስጥ አለው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በይፋ የሚደገፈው ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ነው፤ የእኔ ስልክ ደግሞ አንድሮይድ 8 ነው። ለማረጋገጥ የእህቴን አንድሮይድ 11 ስልክ ተውሼ ያንኑ ጆይስቲክ አገናኘሁ። ምንም ሳልነካ ኤክስ ኤክስ፣ ክብ ክብ ሆነ። ነገር ግን አዲስ ስልክ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አስመስሎ የተሠራ ጆይስቲክ የተለየ ቁጥር ከያዘ አዲሱም ስልክ በአጠቃላዩ ተራ ይቀበለዋል።

ማስተካከያውን የሠራሁት በPPSSPP ውስጥ ነው። Settings፣ ከዚያ Controls፣ ከዚያ Control mapping ገባሁ። በመጀመሪያ ሙከራዬ አዲሱን ብቻ ጨመርሁና ነገሩ የባሰ ተመሰቃቀለ፤ ለአንድ የፒኤስፒ ቁልፍ ከአንድ በላይ ቁልፍ መስጠት ስለሚቻል አሮጌው ምደባ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ Clear All ተጭኖ ሁሉም ይጥፋ። ከዚያ እያንዳንዱን መርጬ ትክክለኛውን ቁልፍ ተጫንሁ። ለL እና ለR የሰጠሁት L1ን እና R1ን ነው። L2 እና R2 ምን ያህል እንደተጫኑ የሚነግር ሌላ ምልክት ጨምረው ስለሚልኩ፣ ምደባ ላይ መተግበሪያው የትኛውን እንደያዘ ለመለየት ያስቸግራሉ። ፒኤስፒ ሁለት የትከሻ ቁልፍ ብቻ ስላለው አላስፈለጉኝም። ሥራው በሙሉ አምስት ደቂቃ አልወሰደም።

ይህ መፍትሔ የሚሠራው ግን በዚያ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ነው። የቁልፍ መቀየሪያ በሌለው የመኪና እሽቅድድም ጨዋታዬ ላይ ጥፋቱ እንዳለ ነው፤ የስልኩን የቁልፍ ፋይል ለመለወጥ ደግሞ የሥርዓቱን ሙሉ ፈቃድ መክፈት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ጨዋታ ብዬ ስልኬን ለዚያ አደጋ አላጋልጥም። የጆይስቲኩን ቁልፍ ወደ ስክሪን ንክኪ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ በኢንተርኔት ከሰው ጋር በሚደረጉ የተኩስ ጨዋታዎች ግን አካውንት ሊያሳግዱ ስለሚችሉ አልተጠቀምሁባቸውም።

የጎረቤቴ ልጅ ያመጣው ርካሽ ጆይስቲክ ደግሞ ሌላ ነበር። የእሱ A ከB፣ X ከY ጋር ብቻ ተለዋውጠዋል፤ የቀረው ሁሉ ትክክል ነው። ይህ መንሸራተት አይደለም። ብዙ ዓይነት አሠራር ያለው ጆይስቲክ በኔንቴንዶ ስዊች አሠራር ሲነሣ የሚታይ ነው፤ በዚያ አቀማመጥ A በቀኝ፣ B በታች ስለሆኑ። አጥፍተን፣ መመሪያ ወረቀቱ ለአንድሮይድ የሚለውን የቁልፍ ጥምር ይዘን አስነሣነው፤ የድሮውን ስም ከብሉቱዝ ዝርዝር ሰርዘን እንደ አዲስ አጣመርነው፤ በዚያው ተስተካከለ።

ቁጥሮቹን የጻፍሁበትን ወረቀት ለጠጋኙ ወሰድሁለት። ፎቶ አነሣውና መፈተሻውን መተግበሪያ በራሱ ስልክ ላይ ጫነ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አንድ ልጅ «ክቡ አይሠራም» እያለ ጆይስቲክ ሲሰጠው አየሁ። ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ክቡን ተጫነ፤ 98 አለ። መፍቻውን ሳያነሣ «በል ልጄ፣ የአንተን ስልክ አምጣው» አለው።