ግሡ ሳይደርስ የሚቆረጥ መስመር

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስሠራ ለደንበኞች የሚላኩትን ኢሜይሎች የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 19 የሚከበረውን የቁልቢ ገብርኤልን በዓል አስመልክቶ የሚላከውን መልእክት ዛሬ ከባልደረባዬ ጋር ስናስተካክል፣ በስልክ ላይ ከርእሱ ሥር ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ቅድመ እይታና ኢሜይሉ ሲከፈት ዓይን የሚያርፍበት የመጀመሪያ መስመር እንዴት ተስማምተው መጻፍ እንዳለባቸው ብዙ ተነጋገርን። የተስማማንበት ሳይረሳኝ ላስፍረው።

ደንበኞቻችን በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጡ ናቸው፤ መልእክታችንንም የሚያዩት በስልክ ነው። ስልኩ በቅድሚያ የላኪውን ስም፣ ቀጥሎ ርእሱን፣ ከዚያም ቅድመ እይታውን ያሳያል። ይህን ሦስተኛውን ጽሑፍ የኢሜይል መተግበሪያው ከኢሜይሉ አናት ጀምሮ ያገኘውን ፊደል እየለቀመ ያመጣዋል። በአናቱ ላይ የማረፊያው አርማ ካለና ለምስሉ መግለጫ ተጽፎለት ከሆነ መግለጫውን ሊያመጣው ይችላል፤ «ይህ መልእክት በትክክል ካልታየዎት እዚህ ይጫኑ» የሚል ማስታወሻ ከቀደመም እሱኑ ያመጣል። ብዙ ድርጅቶች የሚልኳቸው ኢሜይሎች በስልኬ ላይ ይህንኑ ማስታወሻ ይዘው ሲመጡ አያለሁ፤ ለዋናው ነገር የተሰጠችው ጠባብ ቦታ እንዲህ ስትባክን ማየት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ አንድ የተደበቀ ዓረፍተ ነገር እናስቀምጣለን። ኢሜይሉ ሲከፈት አይታይም፤ ሳይከፈት ግን መተግበሪያው አንብቦ ያሳየዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቀጥሎ ያለውን ነው። የተደበቀው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅና ቦታ ሲተርፍ መተግበሪያው አያቆምም፤ የሚታየውን የመጀመሪያ መስመር ከኋላው ቀጥሎ ያስገባዋል። የጂሜይል መተግበሪያ በስልክ ላይ አንድ መስመር ብቻ ስለሚያሳይ ትርፍ ቦታው ትንሽ ነው። አይፎን ግን ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር ሁለት መስመር ያሳያል፤ ከፈለገ ጨርሶ ሊያጠፋው ወይም እስከ አምስት መስመር ሊያሳድገው ይችላል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው መስመር ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ ሳይከፈት ከተደበቀው ዓረፍተ ነገር ጋር ተያይዞ፣ አንዴ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ከፊቱ ምንም ሳይኖር ለብቻው። በሁለቱም ቦታ ስሜት መስጠት አለበት። የሥራው አስቸጋሪነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባልደረባዬ ያዘጋጀችው ረቂቅ ርእሱ «ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ማረፊያ» የሚል ሲሆን፣ ለቅድመ እይታው «ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ለበዓሉ ተሳላሚዎች ያዘጋጀናቸውን ክፍሎች አስቀድመው መያዝ ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። በወረቀት ላይ ቢሆን እንከን አይወጣለትም። አንድ መስመር ብቻ በሚያሳየው በእኔ ስልክ ላይ ግን «ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ለበዓሉ ተሳላሚዎች…» ከሚለው ላይ ተቆርጦ ቀረ። ፊደላችን ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል እንግሊዝኛው አርባ ያህል በሚያስገባበት መስመር ላይ የእኛው ሠላሳ አካባቢ ሲደርስ ያልቃል፤ የስልካቸውን ጽሑፍ አጉልተው ለሚያነቡ አረጋውያን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ችግሩ ማጠሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ቆራጩ ሁልጊዜ የሚጥለው ዋናውን ነገር ነው። ለተሳላሚዎች ክፍል አለ ወይስ አልቋል? የተቆረጠው መስመር ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ዓመት ክፍል ያጣ ደንበኛ ደግሞ «አልቋል» ብሎ ጨርሶት ሳይከፍተው ቢያልፍ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ግሡን ወደፊት ለማምጣት ዓረፍተ ነገሩን አፍርሰን ሠራነው፦ «ክፍል መያዝ ተጀምሯል፤ እስከ ኅዳር 30።» ግሡ በዐሥራ አንደኛው ፊደል ላይ ስለሚያልቅ በየትኛውም ስልክ ላይ ይደርሳል። ቀኑ ቢቆረጥ እንኳ የሚቀረው ክፍል ትርጉሙ ሙሉ ነው። የበዓሉን ስም አልደገምነውም፤ ርእሱ ከላዩ ላይ ስላለ መድገሙ ቦታ ማባከን ነው።

ቅድመ እይታው ሲያጥር ግን በአይፎኑ ላይ የተረፈው ቦታ ሰፋ፤ የመጀመሪያው መስመርም ጎልቶ ገባ። የረቂቁ የመጀመሪያ መስመር «ውድ ደንበኛችን፤ እንደምን ሰነበቱ? ለመጪው የቁልቢ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ያዘጋጀናቸውን ክፍሎች አስቀድመው መያዝ እንደሚችሉ በአክብሮት እንገልጻለን» ይል ነበር። ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፣ ሰውየው ቅድመ እይታውን አንብቦ ሲከፍት ያንኑ ነገር በረዘመ ቃል ደግሞ ያገኘዋል፤ የከፈተው ተጨማሪ ነገር ፈልጎ ነውና እዚያው ይዘጋዋል። ሁለተኛው፣ ሳይከፈት ሲታይ «…እስከ ኅዳር 30። ውድ ደንበኛችን፤ እንደምን ሰነበቱ?» ተብሎ ይነበባል፤ ጉዳዩን ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሰላምታ ማቅረብ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እኔ ሰላምታውን እናውጣው ብዬ ነበር። የማረፊያው ባለቤት እትዬ ግን ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ሰላም ሳይሉ ጉዳይ መጀመር በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው፤ እነዚህ ሰዎች እኮ ቤታችን አድረው የሚሄዱ ናቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በአማርኛ ደብዳቤ ሰላምታው ቦታውን የያዘው በከንቱ አይደለም፤ በተለይ ከኛ ዕድሜ ከፍ ላሉ ሰዎች። ስለዚህ ሰላምታው ሲከፈት በአናቱ ላይ እንዲኖር፣ ሳይከፈት ግን ወደ ቅድመ እይታው እንዳይፈስ ማድረግ ነበረብን። ለዚህም ከተደበቀው ዓረፍተ ነገር በኋላ ለዓይን የማይታዩ ምልክቶችን ደርድረን የተረፈውን ቦታ እንሞላዋለን፦

```html
<div style="display:none;max-height:0;overflow:hidden">
ክፍል መያዝ ተጀምሯል፤ እስከ ኅዳር 30።
͏‌ ͏‌ ͏‌ 
</div>
```

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ድርድር እዚህ ያሳጠርሁት ነው፤ በእውነተኛው ኢሜይል ላይ ደጋግሞ መቅዳት ያስፈልጋል። አነስ ካለ ሰላምታው ከባዶው ቦታ በኋላ ብቅ ይላል፤ ማነሱም የሚታወቀው በዚሁ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ደግሞ እንዲህ አደረግነው፦ «እንደምን ሰነበቱ? ዘንድሮ ክፍሉን ሲይዙ ወደ ቁልቢ የሚያደርስዎትን መኪናም አብረው መያዝ ይችላሉ።» ሰላምታው አለ፤ ቅድመ እይታው ያልተናገረው አዲስ ነገርም አለ። «እርስዎ» ማለታችንም ለአክብሮቱ ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩ ወንድ ይሁን ሴት ሳናውቅ ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ እንድናነጋግር ያስችለናል።

የማይታዩት ምልክቶች ግን ለሁሉም ኢሜይል መፍትሔ ናቸው ብዬ አላምንም። አምስት መስመር የሚያሳይ አይፎን ላለው ሰው አራቱን ባዶ እናደርግበታለን፤ ያ ደግሞ ልንናገርበት የምንችል ቦታ ነበር። ስለዚህ ክፍል ለያዙ ደንበኞች ብቻ በበዓሉ ዋዜማ የሚላከውን አጭር ማሳሰቢያ ያለ ምልክቶቹ፣ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ተያይዘው እንዲነበቡ አድርገን ጻፍነው። ሰላምታውን ወደ መዝጊያው አወረድነው፤ እትዬም ለተነጋገሩት ሰው የሚላክ ስለሆነ ፈቀዱ። ቅድመ እይታው «መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል።» ነው። ባልደረባዬ ለመጀመሪያው መስመር «የሚነሳውም ከማረፊያችን በር ላይ ነው» የሚል አቀረበች። ሳይከፈት ሲነበብ በጣም ያምራል፤ አንዱ ከአንዱ ይፈስሳል። ሲከፈት ግን ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ስለማይታይ «የሚነሳውም» ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ገጹ ከመሐል የተጀመረ ይመስላል። «መኪናው የሚጠብቅዎት በማረፊያችን በር ላይ ነው፤ ብርድ ስላለ ጋቢ አይርሱ» ብለን ስንቀይረው ግን በሁለቱም ቦታ ራሱን ቻለ። «መኪናው» መደገሙ ሳይከፈት ለሚያነበው ትንሽ ይሰማል፤ ይህን ዋጋ ግን ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ። ስለ ጋቢው የጨመርነው፣ የድሬዳዋን ሙቀት አይቶ በስስ ልብስ ወደ ቁልቢ ተራራ የሚወጣ እንግዳ በየዓመቱ ስለማይጠፋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እትዬ ጠየቁ፤ የተደበቀው ጽሑፍ ተደብቆ ይቀራል ወይ? ሁልጊዜ አይቀርም። ተሳላሚዎች በቡድን ስለሚመጡ አንዱ ለዘመዶቹ ኢሜይሉን ሲያስተላልፍ ወይም መተግበሪያው ጽሑፉን ብቻ ለይቶ ሲያሳይ፣ የደበቅነው ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ በአናቱ ላይ ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ እዚያ የሚጻፈው ነገር ቢታይ የማያሳፍር፣ ከሰላምታው በላይ ቢቀመጥ እንኳ ሰው ማስታወቂያ ነው ብሎ የሚቀበለው መሆን አለበት። «ክፍል መያዝ ተጀምሯል» ይህን ያሟላል። ቁልፍ ቃላትን ደርድሮ እዚያ መደበቅ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም።

ሁለቱንም ኢሜይሎች ከመላካችን በፊት ወደ እኔ አንድሮይድና ወደ ባልደረባዬ አይፎን ልከን፣ ሳንከፍት ከዝርዝሩ ላይ አነበብናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ማየት ለዚህ አይጠቅምም፤ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ግሡ ሁልጊዜ ይደርሳል። ከዚያ የእትዬን ስልክ ተዋስን፤ ጽሑፉን በጣም አጉልተው ስለሚጠቀሙ ከሁሉም የጠበበው መስመር የእሳቸው ነው። በእሳቸው ስልክ ላይ የዋዜማው ማሳሰቢያ «መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት…» ላይ ሲቆረጥ ሰዓቱ ስለተረፈ ተውነው። የመጀመሪያው ግን «ክፍል መያዝ ተጀምሯል፤ እስከ…» ብሎ ከነግሡ ደረሰ። እሱ ነገ ጠዋት ይላካል፤ ማሳሰቢያው የክፍል መያዣው ቀን አልፎ ዝርዝሩ እስኪዘጋ ይቆያል።