«ከፍያለሁ» ላለን ደንበኛ የሚጻፈው መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ለማተሚያ ቤቶች ወረቀትና ቀለም በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የተሰብሳቢ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምንሸጠው አብዛኛው ዕቃ በሠላሳ ቀን ዱቤ ስለሚወጣ፣ የመክፈያ ቀኑ ላለፈበት ደንበኛ ማስታወሻ መጻፍ የዕለት ሥራዬ ነው። ለማስታወሻው ከሚመጡት መልሶች ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት «ከፍያለሁ እኮ» የሚለው እንደሆነ የተረዳሁት በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ በሠራሁት ስህተት ነው።

ደንበኛዋ የማተሚያ ቤት ባለቤት የሆኑ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ጥር 2 ቀን ዋጋው 160,000 ብር የሆነ ወረቀት ወስደው ነበር፤ 15 በመቶ ቫት ሲደመርበት የሽያጭ ደረሰኙ 184,000 ብር ሆነ። የካቲት 20 ቀን ረቡዕ ጠዋት ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ሂሳባቸውን ስከፍት 184,000 ብሩ እንዳለ ተቀምጧል፤ የመክፈያ ቀኑም ካለፈ ሁለት ሳምንት ከመንፈቅ ሆኖታል። ማስታወሻውን በቴሌግራም ላክሁ። ከሰዓት በኋላ «ልጄ፣ በ6 ከፍያለሁ፤ መዝገባችሁን እዩ» የሚል መልስ መጣ።

አየሁ፤ ነገር ግን ያየሁት በችኮላ ነበር። የባንኩን ስቴትመንት ከፍቼ 184,000 የሚል ቁጥር ፈለግሁ፤ የለም። በ6 ብለዋልና 06/02/2024 በሚለው ቀን አካባቢ የገቡትን ሁሉ አየሁ፤ በማተሚያ ቤቱ ስም የገባ ምንም የለም። ከዚያም «ክፍያው አልገባም። የከፈሉበትን ማስረጃ ይላኩ» ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው ደወሉልኝና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ ማስረጃ አምጪ ማለት እኮ ውሸታም ነሽ ማለት ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን ዝም ካሉ በኋላ አርብ ማታ በሌላ ስልክ የተነሣ፣ የደበዘዘ የስልካቸው ስክሪን ፎቶ ላኩ። ከግብይት ቁጥሩ በደንብ የሚነበበው FT24045 የሚለው መነሻው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ የአድዋ በዓል ስለነበር ፎቶውን ይዤ የተቀመጥሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚወጣ የዝውውር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ FT ይጀምርና ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁን ዓመት፣ ከዚያ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ዕለቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። 24045 ማለት የ2024 አርባ አምስተኛው ቀን ነው፤ የጃንዋሪን ሠላሳ አንድ ቀናት ቀንሰን ስንቆጥር ፌብሩዋሪ 14 ላይ ያደርሰናል። ፌብሩዋሪ 14 በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ነው። እርሳቸው በ6 ያሉት የካቲት 6ን ሲሆን እኔ የፈለግሁት ፌብሩዋሪ 6 ላይ ነበር። እኛ በምንሠራበት ቢሮ ደረሰኙ በእኛ ቀን፣ ስቴትመንቱ በፈረንጅ ቀን ስለሚጻፍ ይህን መሳሳት ቀላል ነው፤ ሰበብ ግን አይሆንም።

በፌብሩዋሪ 14 ስቴትመንት ላይ 184,000 አሁንም የለም። ያለው 180,800 ነው፤ የላኪው ስም ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ሳይሆን እኔ ሰምቼው የማላውቅ የግለሰብ ስም ነው። ልዩነቱ 3,200 ብር ነው፤ የ160,000 ብር 2 በመቶ። ማተሚያ ቤቱ ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን ግብር ከሻጩ ክፍያ ላይ ከሚቀንሱት ወገን ስለሆነ፣ በጊዜው በነበረው ተመን ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ቀንሶ፣ የተቀነሰውን ለግብር ሰብሳቢው በእኛ ስም አስገብቶ፣ የቀረውን ለእኛ ከፍሏል። ላኪው ደግሞ የደንበኛዋ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያን ቀን የማተሚያ ቤቱን ክፍያ ከራሱ ሂሳብ አድርጎት ነበር። ገንዘብ ያዣችን ስሙን ከማንም ደንበኛ ጋር ማገናኘት ስላልቻለች ገቢውን «ያልታወቀ ገቢ» በሚባለው ሂሳብ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ማስታወሻውን በላክሁ ዕለት ገንዘቡ እኛው ዘንድ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያዝሁ። አንደኛው የአፈላለግ ጉዳይ ነው። የደንበኛው ቀሪ ዕዳ ባንክ ውስጥ የሚፈለገው ቁጥር ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ስፈልግ በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ዊዝሆልዲንግ የተቀነሰለትን፣ ደንበኛው ከአንድ በላይ ያልተከፈለ ደረሰኝ ካለው ደግሞ የሁለቱን ድምር እፈልጋለሁ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ሳልጽፍ ስቴትመንት አልከፍትም። ባንኩ ውስጥ ካጣሁት «ያልታወቀ ገቢ»ን፣ ከዚያ ስሙ ከዚህ ደንበኛ ስም ጋር የሚቀራረብ ሌላ ደንበኛ ካለ የእርሱን ሌጀር አያለሁ፤ ክፍያ በስህተት ሌላ ሰው ሂሳብ ላይ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ በስም መመሳሰል ነው። በመጨረሻም ቼክ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ያስቀረ እንዳለ የሽያጭ ሠራተኛውን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛውና ከባዱ የአጻጻፉ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ የወሰድሁት ትምህርት «ሳልፈልግ ማስረጃ አልጠይቅም» የሚል ነበር፤ ጥቂት ወራት ሠርቼበት ስህተት መሆኑን አየሁ። ፍለጋው አንዳንዴ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ በእነዚያ ቀናት ደንበኛው መልስ ሳያገኝ ይቆያል፣ ፍለጋው ባዶ ሲሆን ደግሞ ማስረጃውን መጠየቅ የምጀምረው ዘግይቼ ነው። ስለዚህ አሁን መልሱን የምጽፈው በዚያው ቀን ሆኖ፣ የእኛን ፍለጋና የማስረጃውን ጥያቄ በአንድ መልእክት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለእኚያ ባለቤት ያን ረቡዕ መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ የሚል ነበር፦

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ የካቲት 6 ቀን ክፍያ መፈጸምዎን የገለጹበት መልእክት ደርሶናል። ጥር 2 ቀን ለወሰዱት ወረቀት የተቆረጠው የ184,000 ብር ደረሰኝ እስከ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ድረስ በሂሳብዎ ላይ እንደተከፈለ ተመዝግቦ አላገኘነውም። ገንዘቡ ገብቶ በእኛ በኩል በስምዎ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል የባንክ ስቴትመንቶቻችንንና ያልታወቁ ገቢዎችን በመመርመር ላይ ነን። ፍለጋውን እንድናፋጥን የግብይት ቁጥሩን፣ ገንዘቡ የገባበትን ባንክና የላኪውን ስም ቢልኩልን እናመሰግናለን። ዊዝሆልዲንግ ቀንሰው ከፍለው ከሆነ የደረሰኙን ቅጂ ያያይዙልን። በፎቶው ላይ ቀሪ ሂሳብዎ የሚታይ ከሆነ ይሸፍኑት፤ የሚስጥር ቁጥር በምንም ሁኔታ አንጠይቅም። የደረስንበትን እስከ ነገ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እናሳውቅዎታለን፤ እስከዚያ ድረስ ስለዚህ ደረሰኝ ሌላ ማስታወሻ አይደርስዎትም።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ያለችው «ተመዝግቦ አላገኘነውም» የምትለው ሐረግ የተመረጠችው በሐሳብ ነው። «አልከፈሉም» ማለት ስለ እርሳቸው መናገር ነው፤ «አልገባም» ማለት ደግሞ ስለ ባንኩ መናገር ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት በእርግጠኝነት የማውቀው ስለ መዝገባችን ብቻ ነበር። «ማስረጃ» የሚለውንም ቃል ትቼ የምፈልገውን ነገር በስሙ እጠራዋለሁ። የግብይት ቁጥር ላኩልኝ የተባለ ሰው ስልኩን ከፍቶ በሁለት ደቂቃ ይልካል፤ ማስረጃ አምጣ የተባለ ሰው ግን የተጠረጠረ ስለሚመስለው ይቀየማል፣ ምን እንደሚልክም አያውቅም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የአለቃዬን ፈቃድ ማግኘት ነበረብኝ፤ ማስታወሻን ማቆም በእኔ ሥልጣን የሚሆን ነገር አይደለም። ፈቃድ ያላገኘሁበትን ተስፋ በጽሑፍ አላስቀምጥም።

ትሕትናው ግን የማይነካው አንድ ወሰን አለ። የስልክ ስክሪንሾት ፍለጋን ይመራል እንጂ ገንዘብ መግባቱን አያረጋግጥም። በስክሪንሾት ላይ የተጻፈው ቀንና በ FT ቁጥሩ ውስጥ ያለው ቀን የማይገናኙ ከሆነ ጉዳዩን ለአለቃዬ አሳያለሁ፤ ቢገናኙም እንኳ «ተቀብለናል» የምለው ገንዘቡን በራሳችን ስቴትመንት ላይ ሳየው ብቻ ነው። የላኩትን ሳገኝ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ከባንኩ ጋር እያመሳከርነው ነው» እላለሁ፤ ከዚያ አልፌ አልሄድም።

በዚህ አሠራር ገንዘቡ በእርግጥ ሳይደርሰን የቀረበትንም ጉዳይ አይቻለሁ። አንድ ደንበኛ ከሌላ ባንክ የላከው ከሂሳቡ ወጥቷል፣ ስክሪንሾቱም እውነተኛ ነው፤ በስቴትመንታችን ላይ ግን ከሳምንት በኋላም አልታየም። «በላኩልን የግብይት ቁጥር በስቴትመንታችን ላይ የገባ ገንዘብ አላገኘንም፤ ባንክዎ ዝውውሩ የት እንደደረሰ እንዲያጣራልዎ ቢጠይቁልን» ብዬ ጻፍሁለት። ገንዘቡ በማግስቱ ወደ ራሱ ሂሳብ ተመልሶ ኖሮ እርሱም አላስተዋለም። በሁለታችንም በኩል ውሸት የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን እንደ ድሮው «አልከፈሉም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ግን ከሁለታችን አንዱ ውሸታም ይባል ነበር።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ባለቤት ልመለስ። ሰኞ የካቲት 25 ቀን 180,800 ብሩን ከ«ያልታወቀ ገቢ» አውጥተን በስማቸው ከመዘገብን በኋላ አስቀድሜ ደወልሁላቸው፤ በጽሑፍ ብቻ ይቅርታ መጠየቅ ለእርሳቸው ዕድሜ አይገባም ብዬ አሰብሁ። «እማማ፣ ገንዘቡ በ6 ገብቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በፈረንጅ ቀን ነው የፈለግሁት» አልኋቸው። ከዚያም ክፍያው መቼና ስንት ብር እንደገባ፣ በእኛ በኩል ለምን እንዳልተመዘገበ፣ አሁን በሂሳባቸው ላይ የቀረው 3,200 ብር ዕዳ ሳይሆን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ እስኪደርሰን የሚቆይ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከገንዘብ መቀበያ ደረሰኛችን ጋር ላክሁ። ያቺን ደረሰኝ በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ልጃቸው በእጁ ይዞ መጣ፤ ሂሳባቸውም ያን ቀን ተዘጋ። አብሮ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከዚህ በኋላ ክፍያ ከየትኛው ሂሳብና በማን ስም እንደሚላክ በእናቱ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈበት ነበር። ወረቀቱን በደንበኛዋ ፋይል ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።